ወርቁ ይመዘናል፤ ፈርጡስ?

ኩርሙክ ውስጥ የከበረ ነገር ዋጋ የሚወጣው በሚዛን ነው። ከአሶሳ በስተሰሜን ምዕራብ፣ የሱዳን ድንበር ላይ በተቀመጠችው በዚህች ወረዳ ሴቶችና ወንዶች የወንዝ አሸዋ በገበቴ አጥበው ከገበቴው ሥር የቀረችውን ቢጫ ደቃቅ ይሰበስባሉ። ያቺ ደቃቅ ገና ከእጃቸው ሳትወጣ ዋጋ አላት። ክብደቷ ይመዘናል፣ ንጥረቷ ይፈተሻል፣ ሁለቱ ይባዙና ሒሳቡ ይከፈላል። ወርቅ ገዢው ነጋዴ ሊከራከር ይችላል፤ ከእሱ በላይ ግን ብሔራዊ ባንክ አለ፤ ከብሔራዊ ባንክም በላይ በየቀኑ የሚወጣው የዓለም ገበያ ዋጋ አለ። የግብፁ መሐመድ አሊ ጦር በ1820ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) እስከ ፋዞግሊ ድረስ የዘለቀው አንድም ይህንን የአካባቢውን ወርቅ ፍለጋ ነበር። ዛሬ ደግሞ አላይድ ጎልድ የተባለው ኩባንያ የጀመረው የኩርሙክ ማዕድን ዲሽ ተራራንና አሻሽሬን እየቆፈረ ነው። ባለቤቱና መሣሪያው ተለዋወጠ እንጂ መመዘኛው ያው ክብደትና ንጥረት ነው።

በዚህ ልማድ ያደገ ሰው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የመጣ ነጭ ፈርጥ ያለበት ቀለበት ሲያይ የሚጠይቀው ጥያቄ ያው ነው፤ «ቢሸጥ ስንት ያወጣል?» ለወርቁ መልስ አለ። ለፈርጡ ግን ከአሶሳ እስከ ፒያሳ ያሉ ወርቅ ቤቶች የሚመልሱለት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው። ፈርጡን አውልቀው ቀሪውን ይመዝናሉ። ይህ ምዕራፍ የሚናገረው ሚዛኑ ላይ ስላልወጣው ነገር ነው። አልማዝ ዛሬ ከመሬትም ከፋብሪካም ይወጣል። ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ዋጋቸው ግን በእጅጉ ይራራቃል።

መጀመሪያ ከመሬት የሚወጣውን እንይ። የተፈጥሮ አልማዝ አብዛኛው የተፈጠረው ከ150 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት፣ ካርቦን በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ታምቆ ነው። ዕድሜው ከአንድ እስከ ሦስት ቢሊዮን ዓመት በላይ ይደርሳል። ወደ ላይ የሚያመጣው ኪምበርላይት የሚባል በእሳተ ገሞራ የሚወጣ ዐለት ነው። ይህ ዐለት አልማዝ ይዞ የሚገኘው በጣም አሮጌና ወፍራም የምድር ቅርፊት ባለባቸው ቦታዎች ነው፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ቦትስዋና፣ ኮንጎ፣ በቅርባችን ደግሞ የታንዛኒያው ምዋዱይ። የኩርሙክና የአሶሳ ዐለት ከዚህ አንጻር ገና ልጅ ነው። ከአንድ ቢሊዮን ዓመት ያነሰ ዕድሜ ያለው፣ የአረቢያና የኑቢያ ጋሻ የሚባለው የምድር ቅርፊት ክፍል ነው። ወርቅ የሚወደው እንዲህ ያለውን ዐለት ነው፤ አልማዝ ግን አይደለም። ስለዚህ «ከኩርሙክ ወንዝ የተገኘ አልማዝ ነው» ብሎ አብረቅራቂ ድንጋይ የሚያቀርብ ሰው ቢገጥማችሁ፣ ከፊታችሁ ያለው ኳርትዝ መሆኑን መጠርጠር ብልህነት ነው።

ከፋብሪካ የሚወጣው አልማዝ ታሪኩ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1954 በአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ትሬሲ ሆል የተባለ ኬሚስት ካርቦንን በግፊትና በሙቀት አምቆ አልማዝ ሠራ። የስዊድኑ አሴአ ኩባንያ ከእሱ ቀደም ብሎ ተሳክቶለት ነበር፤ ግን ዝም አለ። እነዚያ ደቃቅ ፍሬዎች ለመቁረጫና ለመሞረጃ እንጂ ለጣት አይሆኑም ነበር። ዛሬ ለጌጥ የሚመረተው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው የመሬትን ሆድ ያስመስላል። ትንሽ የአልማዝ ፍሬ እንደ ዘር ይቀመጣል፤ ከላዩ ካርቦን ይደረጋል፤ ብረት፣ ኒኬል ወይም ኮባልት ይቀልጥና ካርቦኑን ያሟሟል፤ ከ50 ሺህ በላይ የከባቢ አየር ግፊትና ከ1,300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት ይጫንበታል። ካርቦኑ ዘሩ ላይ እየተጣበቀ ያድጋል። ሁለተኛው መንገድ ግፊት አይፈልግም። አየሩ ከሞላ ጎደል በተመጠጠ ክፍል ውስጥ ስስ የአልማዝ ገበታ ይደረደራል። ሚቴንና ሃይድሮጅን ይገባሉ። ማይክሮዌቭ ጋዙን ወደ ነደደ ፕላዝማ ይለውጠዋል፤ ካርቦኑም ከጋዙ ተለይቶ በገበታው ላይ ንብርብር እየሠራ ይወርዳል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የጣት ፈርጥ የሚሆን ጥሬ አልማዝ ይገኛል። ቻይና በተለይ በመጀመሪያው፣ ሕንድ በተለይ በሁለተኛው መንገድ በብዛት ያመርታሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ይህ የሐሰት አልማዝ አይደለም። የሐሰት የሚባለው አልማዝ ሳይሆን አልማዝ የሚመስለው ነው። በአገራችን ወርቅ ቤቶች መስኮት ላይ ከሚያብረቀርቁት ነጫጭ ፈርጦች ብዙዎቹ ኪዩቢክ ዚርኮኒያ የሚባለው ርካሽ ሰው ሠራሽ ድንጋይ ናቸው፤ ሌላ ቁስ ነው። ሞይሳናይትም እንዲሁ ሌላ ቁስ ነው፤ ሲሊከንና ካርቦን። በላብራቶሪ የተመረተው ግን እንደ ተፈጥሮው ንጹሕ ካርቦን ነው። ጥንካሬው 10 ነው። ጥግግቱ 3.52 ነው። ብርሃን የሚሰብርበት መጠን 2.42 ነው። እነዚህ ቁጥሮች ለሁለቱም አንድ ናቸው፤ ስለዚህ ብልጭታቸውም አንድ ነው።

የወርቅ አገር ሰው እጅ ላይ አንድ ጥሩ መሣሪያ አለ፤ ስሱ ሚዛን። ፈርጡ ከመቀመጫው የወጣ ከሆነ ብዙ ይናገራል። የአልማዝ ክብደት የሚለካው በካራት ነው፤ አንድ ካራት 0.2 ግራም። (የወርቁ 18 ወይም 21 ካራት የንጥረት ልክ ነው እንጂ ክብደት አይደለም፤ ሁለቱን ማምታታት በሽያጭ ላይ ብዙ ሰው ያስታል።) ክብ ሆኖ በደንብ የተቆረጠ የአንድ ካራት አልማዝ ስፋቱ 6.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ያው ስፋትና ያው አቆራረጥ ያለው ኪዩቢክ ዚርኮኒያ ግን 0.33 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ጥግግቱ ከፍ ያለ ስለሆነ። ሞይሳናይት በአንጻሩ ትንሽ ይቀልላል። በወርቅ ሚዛንና በካሊፐር ብቻ ርካሹን ድንጋይ ከአልማዝ መለየት ይቻላል ማለት ነው። የላብራቶሪውንና የተፈጥሮውን አልማዝ ግን ሚዛን አይለያቸውም።

ሰዎች የሚያምኗቸው ሌሎች መፈተኛዎችም እንዲሁ ናቸው። መስተዋት መቧጨር? ኳርትዝም ይቧጭራል። በትንፋሽ ጉም ማልበስ? ሁለቱም አልማዞች ጉሙን በእኩል ፍጥነት ይጥሉታል። በገበያ የሚሸጠው የአልማዝ መፈተሻ ብዕር ሙቀት በድንጋዩ ውስጥ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚያልፍ ይለካል። ዚርኮኒያን ይጥላል፣ የላብራቶሪውን አልማዝ ያሳልፋል፤ ርካሹ ብዕር ሞይሳናይትንም ያሳልፋል። ብዕሩ «አልማዝ ነው» ሲል አልዋሸም፤ የተጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነው። አንድ ሻጭ ብዕሩን ነክቶ መብራቱን አሳይቶ «አየህ፣ ኦሪጅናል ነው» ካለ፣ ያረጋገጠው ካርቦን መሆኑን ብቻ ነው። የት እንደተሠራ ገና አልተነገረም።

ታዲያ ላብራቶሪዎች በምን ይለዩታል? ዋናው ምስክር ናይትሮጅን ነው። ምድር ውስጥ አልማዝ ሲያድግ ጥቂት የናይትሮጅን አተሞች አብረው ይገቡበታል። በመጀመሪያ ተበታትነው ይቀመጣሉ። ከዚያ በጥልቅ ሙቀት ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖችና በቢሊዮን ዓመታት እየተንቀሳቀሱ ጥንድ ጥንድ፣ ቆይተውም አራት አራት ሆነው ይሰበሰባሉ። ከተፈጥሮ አልማዞች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይህ ስብስብ አለባቸው። በሳምንታት ያደገ አልማዝ ይህን ጊዜ አላገኘም። ከጋዝ ያደገው ናይትሮጅን ከሞላ ጎደል የለውም፤ በግፊት ያደገውም ነጭ እንዲሆን ናይትሮጅኑ ሆን ተብሎ እንዲወገድ ይደረጋል፤ ካልተወገደ ቢጫ ይሆናል። ስብስቡ ያለበት አልማዝ ጥልቅ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ያግዳል፤ የሌለበት ያሳልፋል። የመለያ መሣሪያዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ «ብርሃኑን ታግዳለህ ወይስ ታሳልፋለህ?»

ይህ መልስ ወሰን አለው። ከተፈጥሮ አልማዞችም አንድ ወይም ሁለት በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ብርሃኑን ያሳልፋሉ። እንዲያውም ከታወቁት ትልልቅ አልማዞች መካከል ይህን ዓይነት የሆኑ አሉ። ስለዚህ መሣሪያው «የተፈጥሮ ነው» ሊል ይችላል እንጂ «የላብራቶሪ ነው» ብሎ አይፈርድም፤ «ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል» ብሎ ይለየዋል። ከዚያ በኋላ የድንጋዩን የእድገት መስመር በአልትራቫዮሌት ፎቶ የሚያነብ፣ የብርሃን ፊርማውን የሚለካ ባለሙያ ያስፈልጋል። በግፊት ያደገው አንዳንዴ የብረት ቅንጣት ይዞ ይቀራል፤ ኃይለኛ ማግኔት ሊስበው ይችላል፤ አልትራቫዮሌቱ ከጠፋ በኋላም ለጊዜው እያበራ ሊቆይ ይችላል። ከጋዝ ያደገው አንዳንዴ ቡናማ ወይም ግራጫ ጥላ፣ አንዳንዴም ቀጭን ጭጋግ ይታይበታል። በመልክ ረገድ ለገዢ የሚጠቅመው ይኸው ብቻ ነው። ሁለት ፈርጦችን በጥላ ሥር፣ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ጭጋግ ወይም ጥላ መፈለግ። የሱቅ መብራት ሁሉንም ያሳምራል። ጭጋግ የሌለው ከተገኘ ግን በመልክ የላብራቶሪው ከተፈጥሮው የሚያንስበት ነገር የለም፤ ብዙ ጊዜም በዚያው ገንዘብ የሚገኘው የላብራቶሪ ድንጋይ ይነጣል፣ ይጠራልም።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ። እ.ኤ.አ. በ2016 ገደማ የላብራቶሪ አልማዝ ከተፈጥሮው የሚረክሰው በትንሹ ነበር። ያኔ የገዛ ሰው «ሁሉንም አገኘሁ፣ ጥቂትም ቆጠብኩ» ብሎ ነበር። በ2018 ከትልልቆቹ የተፈጥሮ አልማዝ ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ዲ ቢርስ ራሱ ላይትቦክስ በሚል ስም የላብራቶሪ አልማዝ መሸጥ ጀመረ፤ ዋጋውን አንድ ካራት በ800 ዶላር ቆረጠው። በጊዜው ይህ ከተፎካካሪዎቹ እጅግ የረከሰ ነበር። የተፈጥሮውንና የላብራቶሪውን ገበያ ለመነጣጠል ነው ተባለ፤ ይመስለኛልም። ያልጠበቁት ግን ገበያው ከእነሱም ወለል በታች መውረዱ ነው። የላይትቦክስ ዋጋ ራሱ እየወረደ ሄደ፤ በ2025 ኩባንያው ላይትቦክስን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ማሽን የተፈጥሮ ድንበር የለውም። ዋጋ ሲወደድ ሌላ ማሽን ይተከላል፣ ድንጋዩ ይበዛል፣ ዋጋው ይወርዳል። ዛሬ በብዙ ገበያዎች የላብራቶሪው ዋጋ ከተመሳሳይ የተፈጥሮ ድንጋይ ከ80 በመቶ በላይ ዝቅ ያለ ነው። በ2016 የገዛው ሰው ዛሬ ቢሸጥ፣ የሚወዳደረው ከፋብሪካ ትናንት ከወጣ አዲስና ርካሽ ድንጋይ ጋር ነው።

ይህን የሰማ ሰው ወዲያው «እንግዲያው የተፈጥሮውን ልግዛ፤ እሱ ዋጋውን ይይዛል» ይላል። በዚህ ምዕራፍ ልከራከረው የፈለግሁት ይህንን አባባል ነው። በቁጥር እንየው። ዋጋዎቹን ለስሌት እንዲመቹ ጠጋ አድርጌ ወስጃቸዋለሁ።

ከአሜሪካ ለአሶሳ ሙሽራ የተላከ ቀለበት እንውሰድ። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው ወርቅ 14 ካራት ነው፤ ማለትም ከመቶው 58.5 እጁ ንጹሕ ወርቅ ነው። ነጭ ወርቅ ነው እንበል። ቀለበቱ ከነፈርጡ 4 ግራም ይመዝናል፤ ፈርጡ አንድ ካራት፣ ማለትም 0.2 ግራም ነው። ብረቱ 3.8 ግራም ይሆናል። ንጹሕ ወርቁ 3.8 በ0.585 ሲባዛ 2.2 ግራም ገደማ ነው። ንጹሕ ወርቅ በግራም 100 ዶላር ቢሆን ወርቁ 220 ዶላር ያወጣል። ይህ ሒሳብ አሶሳ ላይም ኒው ዮርክ ላይም አንድ ነው። (ነጭ ወርቅ ከላዩ ሮዲየም በሚባል ብረት ስለሚለበጥ መፈተኛ ድንጋይ ላይ ሲፈተግ መጀመሪያ ያሳስታል፤ አንጥረኛው ልባጩን አልፎ መፈተሽ አለበት። በ18 እና በ21 ካራት የለመደ ሰውም 14 ካራቱን ሲያይ «ወርቅ አይደለም» ቢል አይግረማችሁ፤ ወርቅ ነው፣ ግን ቀጭን ነው።)

አሁን ፈርጡን እንጨምር። የላብራቶሪ ፈርጥ ያለበት ይህ ቀለበት በ1,500 ዶላር ተገዛ እንበል። የተፈጥሮ ፈርጥ ያለበት አቻው በ5,500 ዶላር። ሁለቱም አሜሪካ ውስጥ ለሁለተኛ እጅ ገዢ ቀረቡ። ለላብራቶሪው ፈርጥ የሚሰጠው 100 ዶላር ቢሆን ዕድለኛ ነው፤ ብዙ ገዢዎች ጨርሶ አይወስዱትም። ከወርቁ ጋር 320 ዶላር። ለተፈጥሮው ፈርጥ 1,800 ዶላር ቢሰጥ ደህና ነው፤ ከወርቁ ጋር 2,020 ዶላር። በመቶኛ ሲታይ የተፈጥሮው አሸነፈ፤ የመጀመሪያው ከከፈለው 21 በመቶ አገኘ፣ ሁለተኛው 37 በመቶ። ገንዘቡ ሲቆጠር ግን የላብራቶሪውን የገዛው 1,180 ዶላር ከሰረ፤ የተፈጥሮውን የገዛው 3,480 ዶላር ከሰረ። «ዋጋውን የያዘው» ቀለበት ሦስት እጥፍ ያህል ኪሳራ አስከተለ።

ይህ የሆነው ሻጩ ክፉ ስለሆነ አይደለም። የችርቻሮ ዋጋ ውስጥ የሱቁ ኪራይ፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ የማስታወቂያው ወጪና ግብሩ አለ፤ ሁለተኛ ገዢ እነዚህን አይከፍልም። ወርቅ ላይም የእጅ ዋጋ አለ፤ ወርቅ ግን ሲቀልጥ ሁሉም እኩል ስለሚሆን ገዢው የሚከራከርበት ነገር ጥቂት ነው። አልማዝ አይቀልጥም። እያንዳንዱ ድንጋይ በክብደት፣ በቀለም፣ በጥራትና በአቆራረጥ ይለያያል፤ ሁለት የአንድ ካራት ድንጋዮች ዋጋቸው በእጥፍ ሊራራቅ ይችላል። ብሔራዊ ባንክ ወርቅ እንደሚገዛው ሁሉ አልማዝን በታወቀ ዋጋ የሚገዛ መንግሥት የለም። የተፈጥሮው አልማዝ ዋጋ ራሱ ከ2022 ወዲህ ወርዷል፤ ከምክንያቶቹ አንዱም የላብራቶሪው መበራከት ነው።

አሁን ያንኑ ቀለበት አሶሳ ላይ እንሽጠው። ወርቅ ቤቱ ፈርጡን አውልቆ ወርቁን ከመዘነ የሁለቱም ቀለበት ዋጋ 220 ዶላር ነው። የ1,500ውም፣ የ5,500ውም። ከአልማዝ ገበያ በራቅን ቁጥር ሁለቱ ድንጋዮች እየተቀራረቡ ይመጡና በመጨረሻ ሁለቱም ዜሮ ይሆናሉ፤ ውድ የገዛውም ሰው ብዙ ያጣል። ለአሶሳ፣ ለባምባሲ፣ ለኩርሙክ ቤተሰብ የሚላክ ቀለበት የክፉ ቀን ጥሪት እንዲሆን ከታሰበ፣ ፈርጡ የትኛውም ዓይነት ይሁን፣ በእሱ ላይ የወጣው ገንዘብ ጥሪት አይሆንም።

የቀረው ማስታወቅ ነው፤ ሻጭ የሚሸጠውን ነገር ምንነት መናገሩ። ዋጋው በመልክ ሳይሆን በመነሻ የሚወሰን ዕቃ ሲሆን፣ ገዢው የሚገዛው ድንጋዩን ብቻ አይደለም፤ ስለድንጋዩ የተነገረውን እውነትም ነው። የአሜሪካው ፌደራል የንግድ ኮሚሽን በ2018 የጌጣጌጥ መመሪያውን ሲያሻሽል አልማዝን ሲተረጉም «የተፈጥሮ» የሚለውን ቃል አወጣ፤ የላብራቶሪው ድንጋይም አልማዝ መሆኑን ተቀበለ ማለት ነው። ነገር ግን ሻጩ በላብራቶሪ የተመረተ መሆኑን በግልጽ እንዲናገር አስገደደ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ማስታወቂያቸው ይህን ያላሟላ ስምንት ኩባንያዎችን በደብዳቤ አስጠነቀቀ። መመሪያው ሁለቱንም ወገን ይዟል። የተፈጥሮ ነጋዴው «ያኛው ሐሰት ነው» እንዳይል፣ የላብራቶሪው ነጋዴም ዝም ብሎ እንዳያልፍ።

ዝም ብሎ ማለፍ ግን ተከስቷል። በ2012 አንትወርፕ ወደሚገኝ የአይ.ጂ.አይ. ላብራቶሪ እንደ ተፈጥሮ አልማዝ የቀረቡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ድንጋዮች ከጋዝ ያደጉ ሆነው ተገኙ። አንዳንዱ ማጭበርበር ደግሞ ረቀቅ ያለ ነው። የታወቁ ላብራቶሪዎች የሰርተፊኬቱን ቁጥር በጨረር የድንጋዩ ወገብ ላይ ይጽፋሉ፤ ወገብ የሚባለው የላዩና የታቹ ክፍል የሚገናኙበት ቀጭን ዙሪያ ነው። በ2021 ጂ.አይ.ኤ. የተባለው የአሜሪካ ተቋም ሦስት ካራት ገደማ የሆነ የላብራቶሪ አልማዝ ቀርቦለት ወገቡ ላይ የአንድ እውነተኛ የተፈጥሮ አልማዝ ቁጥር በሐሰት ተጽፎበት አገኘ። ድንጋዩ ክብደቱና ስፋቱ ከዚያኛው ጋር በጣም እንዲቀራረብ ተደርጎ ተቆርጦ ነበር። ማለትም ሰርተፊኬቱ እውነተኛ ነው፤ ድንጋዩ ግን የሌላ ነው። ሰርተፊኬት ማየት ብቻ ስለዚህ አይበቃም። ቁጥሩን ላብራቶሪው ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ማየት፣ ከዚያ ክብደቱን እስከ ሁለተኛው አሥርዮሽ ድረስ፣ ስፋቱንም እስከ ሚሊ ሜትር ክፍልፋዩ ድረስ ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ በጣም ውድ ከሆነ ደግሞ ድንጋዩን ራሱን ላብራቶሪ መላክ።

ሌላው አደጋ ደቃቆቹ ናቸው። በዋናው ፈርጥ ዙሪያ የሚደረደሩት ጥቃቅን ድንጋዮች ሰርተፊኬት የላቸውም። የተፈጥሮና የላብራቶሪ ደቃቆችን ደባልቆ መሸጥ ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዳቸው ምርመራ መክፈል ደግሞ ከዋጋቸው በላይ ሊሆን ይችላል። ሻጩን «ዙሪያው ያሉትስ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ፊቱን ያስለውጣል፤ ጥያቄው ትክክል ስለሆነ ነው።

ሰርተፊኬቱ ራሱም እየተለወጠ ነው። ጂ.አይ.ኤ. በ2020 ለላብራቶሪ አልማዞች ልክ እንደ ተፈጥሮዎቹ ዝርዝር የቀለምና የጥራት ደረጃ መስጠት ጀምሮ ነበር። በ2025 ግን ይህን አቋርጦ ከጥቅምት (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሁለት ጥቅል ደረጃ ብቻ ወዳለው አሠራር ተሸጋገረ። ምክንያቱ የላብራቶሪ ድንጋዮች አብዛኞቹ በጠባብ የላይኛ ደረጃ ውስጥ ስለሚወድቁ ዝርዝሩ ብዙ አይናገርም የሚል ነበር። ለገዢ ትርጉሙ ይህ ነው፤ ከዚያ በኋላ በተጻፈ የጂ.አይ.ኤ. ወረቀት ላይ ዝርዝር የቀለም ፊደል ካያችሁ ወረቀቱ ስለ ተፈጥሮ አልማዝ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ ወይም ከሌላ ተቋም የመጣ ከሆነ ግን ፊደሎቹ ብቻቸውን ምንም አያረጋግጡም፤ የመነሻውን መስመር ማንበብ ግድ ነው።

ይህ ሁሉ የውጭ አገር ጉዳይ የሚመስለው አንባቢ የራሳችንን ኦፓል ያስታውስ። በደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ በ2008 (እ.ኤ.አ.) የተገኘው የወሎ ኦፓል ውኃ ይመጥጣል፤ ጢስና ቀለምም ይመጥጣል። በጢስ ታፍኖ የጠቆረ የወሎ ኦፓል ሲሸጥ ጢሱ መነገር አለበት፤ ያልተነገረ እንደሆነ ገዢው ተፈጥሮ ያጠቆረው መስሎት ይከፍላል። ድንጋዩ እውነተኛ ነው፤ የተነገረው ታሪክ ግን አይደለም። ነገሩ ከአልማዙ ጋር አንድ ነው፤ ለሻጭነቱም ሆነ ለገዢነቱ እንግዳ አይደለንም።

የአገራችን ሕግም ዝም አላለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ቁጥር 1704 በተንኮል የተደረገ ውል ሊፈርስ እንደሚችል ይናገራል። መብቱን ለመጠቀም ግን ምን እንደተባላችሁ የሚያሳይ ጽሑፍ ያስፈልጋችኋል። «አንድ ቀለበት ከነፈርጡ» የሚል ደረሰኝ ለማንም ምስክር አይሆንም፤ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ፈርጡ መስተዋት ቢሆንም ከደረሰኙ ጋር አይጋጭም።

እንግዲህ ፍርዴን ልናገር። ብልጭታውን ለሚወድ፣ መልሼ እሸጠዋለሁ ብሎ ለማያስብ ሰው የላብራቶሪው አልማዝ ጥሩ ግዢ ነው፤ የሚከፍለው ግን ሊያጣው የማይከብደው ገንዘብ ይሁን፤ «ዋጋው ይጨምራል» ያለውን ሻጭም አይመነው። የተፈጥሮውን የሚገዛ ሰው ለጥንታዊነቱና ለብርቅነቱ ብሎ ይግዛ፣ የመነሻውን ማረጋገጫ ይዞ፤ ባንክ ያስቀመጠ ግን አይምሰለው። ለክፉ ቀን የሚያስቀምጥ የኩርሙክ ሰው የሚያውቀውን ይግዛ፤ ወርቅ፣ በግራም፣ ንጥረቱ ከፍ ባለ። የምትገዙት የትኛውንም ይሁን፣ ሱቁን ከመልቀቃችሁ በፊት ደረሰኙ ላይ የወርቁ ካራትና ግራም ለብቻው፣ የፈርጡ ክብደት ለብቻው፣ «የተፈጥሮ» ወይም «በላብራቶሪ የተመረተ» የሚለው በሙሉ ቃል፣ የሰርተፊኬቱም ቁጥር ይጻፍላችሁ። ሻጩ አልጽፍም ካለ፣ ቀለበቱን ለሻጩ መልሱለት።